«ነበር»ን መጣል፦ በዘፈን ግጥም ውስጥ ትዝታ ሰብሮ ሲገባ

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በአማርኛ «አስታወስኩ» ስንል አስታዋሹ እኛ ነን። «ትዝ አለኝ» ስንል ግን ባለቤቱ ሌላ ነው። ትዝ ያለው ነገር መጣብኝ፣ እኔ ተቀባይ ነኝ። ፈልጌ አላመጣሁትም።

ችግሩ ግጥም ስንጽፍ ይህን መምጣት እናወራዋለን እንጂ አናሳየውም። «ያ ዘመን ትዝ አለኝ» ብለን እንጀምርና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በ«ነበር» ያልቃል። ሰሚው የተነገረውን ይሰማል፣ ግን ምንም አልደረሰበትም። ትዝታው ሰብሮ እንዲገባ ከተፈለገ ሥራውን መሥራት ያለበት የግሱ ጊዜ ነው። ዘፋኙ አሁን ላይ ቆሞ ሳለ ድሮው ድንገት አሁን ይሆንበታል። ከዚያ ይመለሳል፣ ወይም አይመለስም።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ግጥም ላሳያችሁ። የራሴ ነው፣ አሥራ ሁለት መስመር ብቻ። ነገሩ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ዝናብ ይዞት ሱቅ ደጃፍ ቆርቆሮ ሥር ተጠልሏል። የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሆነ የዝናብ ድምፅ ከሰማ ቆይቷል። ኮንክሪት ጣሪያ አይጮህም። ያደገበት ቤት ግን ቆርቆሮ ነበር።

መጀመሪያ፦ ሁሉንም በ«ነበር» ጻፉት

ይህ ረቂቅ ይጣላል። ግን መጻፍ አለበት፣ ምክንያቱም ትዝታው ውስጥ ምን ምን እንዳለ የምታውቁት በዚህ ነው። የኔ እንዲህ ነበር፦

ዝናቡ ሲመታው ቤቱ ይጮህ ነበር
አባዬ በስብሶ ቤት ይገባ ነበር
ካፖርቱን አውልቆ ደጅ ይሰቅል ነበር
እኔም እሱን ሳየው ብርድ ይለቀኝ ነበር

ስድስት በስድስት ቀለም ነው፣ የወል ቤት የሚባለው። ለመዝፈን አይከብድም። ግን ሁለት ነገር ገድሎታል።

አንደኛው ቤት አመታቱ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የግሱ ጊዜ የሚወድቀው ልክ ቤት የሚመታበት ቦታ ላይ ነው። አራት መስመር በ«ነበር» ሲያልቅ ቤት የመታ ይመስላል እንጂ ያው አንድ ቃል አራት ጊዜ ተደገመ። ይህ ግን መልካም ዜናም አለው። የግሱን ጊዜ ስትቀይሩ ቤቱም አብሮ ይቀየራል። ሰሚው ሰዋስው ባያስብም ጆሮው ለውጡን ይይዘዋል። ግሱን መሐል ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ይህን ዕድል በነጻ አያገኝም።

ሁለተኛው ችግር «ይገባ ነበር» የሚለው ቅርጽ ራሱ ነው። ልማድን ይናገራል፦ አንድ ቀን ሳይሆን ብዙ ቀን። ትዝታ ሰብሮ ሲገባ ግን አንድ ማታ ሆኖ ነው የሚገባው።

ከረቂቁ ሦስት ነገር አወጣሁ፦ የቆርቆሮው ድምፅ፣ የሚንጠባጠበው ካፖርት፣ ብርዱ። ከሦስቱ አሁንም ድሮም ሊኖሩ የሚችሉት የትኞቹ ናቸው? ድምፁና ብርዱ። እነዚህ መግቢያ በር ይሆናሉ። ካፖርቱ ግን የድሮው ብቻ ስለሆነ ውስጥ ይጠብቃል።

«ይመጣል» ያሳሳተኝ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገውን እኔም አደረግኩ። «ነበር»ን ቆርጬ ጣልኩና የቀረውን ወደ አሁን ጊዜ አዞርኩት፦ «አባዬ በስብሶ ማታ ቤት ይመጣል»። ለአንድ ጓደኛዬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማና «አባትየው የት ሄዶ ነው? መቼ ነው የሚመለሰው?» አለኝ።

ልክ ነበር። በአማርኛ «ይመጣል» ብቻውን ሲቆም መጀመሪያ የሚሰማው ወደፊት ነው፦ ነገ ይመጣል፣ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ቀጥሎ የሚሰማው ልማድ ነው። «አሁን ዓይኔ ፊት እየገባ ነው» የሚለው ሦስተኛ ተራ ላይ ነው የሚደርሰው። የሐዘን ግጥም ጽፌ የተስፋ ግጥም ሆነብኝ።

«እየመጣ ነው»ስ? ትርጉሙ ልክ ነው፣ ግን ረጅምና ቀዝቃዛ ነው። ስልክ ላይ «የት ደረስክ?» ሲሉን የምንመልሰው ነው።

ታዲያ ትክክለኛው የትኛው ነው? ልጆችን ስሙ። አባታቸው በሩን ሲከፍት ምን ብለው ይጮኻሉ? «አባዬ መጣ!» ነው የሚሉት። «እየመጣ ነው» አይሉም፣ «ይመጣል»ም አይሉም። «መጣ» በሰዋስው መጽሐፍ ኃላፊ ጊዜ ነው። በአፋችን ግን ከሁሉም የቀረበው አሁን እሱ ነው። «በቃ መጣሁ» ስንልም ገና መንገድ ላይ ነን።

ሀብቱ እዚህ ነው ያለው። «መጣ» ለተራኪው ድሮ ነው፣ ለሚጮኸው ልጅ አሁን ነው፣ ቃሉ ግን አንድ ነው። የግጥሙ ጫፍ ላይ ይህን ቃል ማስቀመጥ ከተቻለ ሰሚው ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ይሰማል። ጥያቄው ወደዚያ ቃል እንዴት እንደሚደረስ ነው።

ማጠፊያው፦ ያልታሰረ ግስ

ከአሁን ወደ ድሮ በአንድ መስመር ከተዘለለ ሰሚው ገጣሚው የተሳሳተ ይመስለዋል። መሐል ላይ የየትኛውም ጊዜ ያልሆነ ቦታ ያስፈልጋል። አማርኛ ይህን ቦታ አዘጋጅቶ አስቀምጦልናል።

የድሮ ሰዋስው መምህራን ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይሉታል። እንደ «መጥቶ» ያለውን ደግሞ «ቦዝ አንቀጽ» ይሉታል፣ ብቻውን አያስርምና። «እየመጣ»ም ብቻውን ጊዜ የለውም። «ነው» ከተከተለ አሁን ይሆናል፣ «ነበር» ከተከተለ ድሮ። ምንም ካልተከተለ ሁለቱንም ይጠብቃል። ንግግር ላይ ይህ ጎደሎ ነው። ዘፈን ላይ ግን መስመሩ በዜማ ስለሚያልቅ ግሱ ተንጠልጥሎ ቢቀር ማንም አይቆጣም። ሰሚው ማሰሪያውን እየጠበቀ ይቆያል፣ በዚያ መጠበቅ ውስጥ መሬቱን ከሥሩ መሳብ ይቻላል።

ሁለተኛው ማጠፊያ የሰውነት ግሶች ናቸው። «በረደኝ» ስል መቼ ነው? አሁን በርዶኝ ሹራብ ፈልጌ ሊሆን ይችላል። የዛሬ ሃያ ዓመት የሆነውን እየተረክሁም ሊሆን ይችላል። ራበኝ፣ ደከመኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። መልካቸው ኃላፊ ነው፣ ስሜታቸው አሁን። ሰምና ወርቅ የምንወደው አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ስለሚይዝ ነው። እዚህ ደግሞ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ይይዛል። እኔ «የጊዜ ሰምና ወርቅ» እለዋለሁ፣ የቅኔ መምህራን ይቅር ይበሉኝ።

ሦስተኛው የሰው ንግግር ነው። ትእዛዝ ድሮ የለውም። «ክፈት» ሁልጊዜ አሁን ነው፣ ከየትኛውም ዓመት ቢመጣ። ከትዝታው ውስጥ አንድ ሰው እንዲናገር ካደረጋችሁ የራሱን አሁን ይዞ ነው የሚገባው።

ግጥሙ ይኸውና፦

1. ከሱቅ ደጃፍ ቆሜ ዝናብ አሳልፋለሁ
2. ስልኬን እየነካሁ ታክሲ እጠብቃለሁ
3. ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየተንጣጣ
4. ጨለማው በመንገዱ ላይ እየመጣ
5. ጫማዬ ረጠበ እግሬን በረደኝ
6. በሩን ክፈት ብላ እናቴ ጠራችኝ
7. አባዬ መጣ!
8. ካፖርቱ ይንጠባጠባል ሚስማሩ ላይ
9. ኪስህ ውስጥ ምን አለ? እስቲ አባዬ ልይ
10. ታክሲው ጡሩምባ ነፍቶ ረዳቱ ይጣራል
11. ዝናቡ አባርቷል፣ እጄ ባዶ ሆኗል
12. አባዬ ይመጣ ነበር

አሁን መስመር በመስመር እንሂድ።

አንድና ሁለት አሁን ናቸው፣ ያለ ጥርጥር። ስልክ፣ ታክሲ፣ «እጠብቃለሁ»። ይህ ክፍል ደረቅ መሆን አለበት። መጀመሪያ ላይ «ዝናቡ ሆዴን አባባው» የሚል መስመር ነበረኝ፣ አወጣሁት። ዘፋኙ አስቀድሞ ከከፋው ሰብሮ የሚገባ ነገር አይኖርም፣ በሩ ክፍት ነዋ።

ሦስትና አራት ማሰሪያ የላቸውም። ዝናቡ እየተንጣጣ ነው ወይስ ነበር? ጨለማውስ? ይህን ስጽፍ አንድ ፈተና ነበረብኝ። አራተኛው መስመር መጀመሪያ «ጨለማው በኮረኮንቹ እየመጣ» ነበር። ያደግኩበት መንገድ ኮረኮንች ስለነበር ቃሉን ወደድኩት። ግን አሁን የቆምኩበት አስፋልት ነው። «ኮረኮንች» ባልኩ ቅጽበት ሰሚው ድሮ መሆኑን ያውቅብኛል። ማጠፊያው ላይ ያለ ነገር ሁሉ ለሁለቱም ጊዜ መግጠም አለበት፣ ስለዚህ ተራው «መንገዱ» አሸነፈ። አንዳንዴ የተሻለውን ቃል መተው ግድ ነው።

አምስት ላይ የራሱ ጫማ ይርሳል፣ የራሱ እግር ይበርደዋል። ሰሚው እስካሁን ሱቁ ደጃፍ ላይ ነው። ስድስት ላይ እናትየው ትጣራለች። ሱቁ ጋ እናት የለችም። ሰሚው ነገሩ የገባው እዚህ ነው፣ ግን ወደኋላ ቢያይ ድንበሩን አያገኘውም። ሦስት ላይ ነው የተሻገርነው? አምስት ላይ? ያንን መስመር ማግኘት ካልቻለ ሥራው ተሳክቷል።

ሰባት አጭር ነው፣ አምስት ቀለም ብቻ። አራተኛው መስመር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን «እየመጣ» እዚህ «መጣ» ይዘጋዋል። ያኔ የሚመጣው ጨለማው ነበር፣ አሁን የመጣው አባት ነው። ቤቱም ይመልስለታል፦ ጣ፣ ጣ፣ ከዚያ ኝ፣ ኝ፣ ከዚያ እንደገና ጣ።

ስምንት ላይ «ይንጠባጠባል» አለ። ቅድም «ይመጣል» ወደፊት ሆኖ አሳሳተኝ ብያችሁ ነበር፤ ይህኛው ለምን አያሳስትም? ቅደም ተከተሉ ነው። «መጣ» በሩን ከፍቶ ካስገባን በኋላ የሚከተለው «ይ...ል» ሁሉ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ዓይናችን ፊት ይሆናል። ቦታ ቢለዋወጡ ካፖርቱ ነገ የሚንጠባጠብ ይመስላል።

ዘጠኝ ላይ ከግሱ ሌላ የተቀየረ ነገር አለ። አባትየው «እሱ» ነበር፣ አሁን «አንተ» ሆነ። ስለ ሰው ማውራት ቀርቶ ለሰው ማውራት ሲጀመር ትዝታው ሙሉ በሙሉ ገብቷል ማለት ነው። «አለ» የሚለውም ግስ አሁን ብቻ ነው፣ ለድሮው «ነበረ» ነው የሚባለው። በነገራችን ላይ ቤታችሁ አባትን አንቱ የሚል ከሆነ «መጡ» እና «ኪስዎ» ብላችሁ ጻፉት። ቤቱ ይቀየርባችኋል፣ ግን ባልኖራችሁበት «አንተ» ከመዝፈን ይሻላል።

መውጫው

መግቢያው ለስላሳ ነበር። መውጫው ግን እንዲያ መሆን የለበትም። የታክሲ ጡሩምባ በቂ ነው። ትዝታ ሲገባ ደረጃ በደረጃ ነው፣ ሲባረር ግን በአንድ ድምፅ ነው። ቢያንስ እኔ እንዲያ ነው የማውቀው።

አሥራ አንድ ላይ «አባርቷል» እና «ሆኗል» ሆን ተብለው የገቡ ናቸው። ይህ ቅርጽ ነገሩ አልፎ ውጤቱ አሁን እንዳለ ይናገራል። «እጄ ባዶ ሆነ» ቢል አንድ ድርጊት ይሆን ነበር። «ሆኗል» ሲል ግን ባዶነቱ እስካሁን እጁ ላይ ነው። ዘጠነኛው መስመር ላይ ኪስ ሊፈትሽ የነበረ እጅ መሆኑን ሰሚው ራሱ ያገናኘው፣ እኔ አልነግረውም።

መጨረሻ ላይ «ነበር» መጣ። በዘፈኑ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ። በመጀመሪያው ረቂቅ አራት ጊዜ ብሎ ምንም ያልሠራ ቃል አሁን ብቻውን ዘፈኑን ይዘጋል። ልማድን የሚናገር መሆኑም እዚህ ጠቀመ፦ ያ አንድ ማታ አልፎ ብዙ ማታ ሆነ፣ ብዙው ማታም ቀረ። አባትየው መሞቱን የሚል መስመር የለም። «ይመጣ ነበር» ካለ በኋላ አያስፈልግም።

ዘፋኙ እጅ ሲገባ

ወረቀት ላይ የሠራ ግጥም ስቱዲዮ ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ግጥም ሰጥቼ ዘፋኙ «ለሰው ግልጽ ይሁን» ብሎ «መጣ»ን «መጥቶ ነበር» አድርጎ ቀዳው። የጨመረው አንድ «ነበር» ነው፣ ግን ትዝታው ውስጥ ከመሆን ወደ ማውራት መለሰን። ከዚያ ወዲህ ግጥም ሳስረክብ የማይነኩትን ቃላት አሰምርባቸዋለሁ። እዚህ ላይ አራት ናቸው፦ «እየመጣ»፣ «በረደኝ»፣ «መጣ»፣ እና የመጨረሻው «ነበር»።

ዜማውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ከስድስተኛው መስመር በፊት ሙዚቃው እንዳይቆም። ሦስት ላይ መሣሪያው ከተቀየረ ወይም ዝም ካለ ሰሚው «አሁን ትዝታ ሊመጣ ነው» ብሎ ይዘጋጃል፣ መሰበሩ ቀረ ማለት ነው። ዝምታ ከተፈለገ ከ«ጠራችኝ» በኋላ፣ ከ«አባዬ መጣ» በፊት ይሁን። ዘፈኑ በትዝታ ቅኝት ከሆነ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ቅኝቱ ራሱ ከመጀመሪያው ድምፅ ጀምሮ ትዝታ እንደሚመጣ ይናገራል። በዚያ ላይ ግጥሙ «ትዝታ» የሚል ቃል ከጨመረ ሦስት ጊዜ ተባለ።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን በእርሳስ «አ» ወይም «ድ» እጽፋለሁ፣ አሁንና ድሮ ለማለት። ለሁለቱም የሚሆነው ላይ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ጥሩ ሲሆን «አ» ይጀምራል፣ ሁለቱም ያሉበት ጥቂት መስመሮች ይከተላሉ፣ ከዚያ ድሮው ውስጥ እንገባለን። አ፣ ድ፣ አ፣ ድ እያለ የሚዘል ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ትዝታ አይደለም፣ ቤት መምታት ነው። አንዱ መስመር «ነበር» ስለፈለገ፣ ሌላው «ል» ስለፈለገ ጊዜው ተገለባበጠ። እንዲህ ያለ ግጥም ሬዲዮ ላይ ሞልቷል፣ ስም አልጠራም።

ቀጥሎ ያለ ዜማ ለአንድ ሰው አነብለታለሁ፣ መሐል ላይ አቋርጬ «ሰውየው አሁን የት ነው?» እለዋለሁ። አራት ላይ ሳቆም «ሱቁ ጋ» ማለት አለበት። ስምንት ላይ ሳቆም «ቤቱ» ወይም «ልጅነቱ ላይ» ካለ ጥሩ ነው። «ግራ ገባኝ» ካለ ማጠፊያው አጥሯል፣ አንድ ያልታሰረ መስመር ይጨመር። አራት ላይ ገና «ልጅነቱን እያስታወሰ ነው» ካለ ደግሞ አንድ ቃል ቀድሞ አሳብቆብኛል፣ እንደዚያ ኮረኮንች።

በአንድ ዘፈን ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ባይሰበር እመርጣለሁ። አዝማቹ ላይ እንዲደገም የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ያኔ ሰባተኛውን መስመር ብቻ አዝማች አደርገዋለሁ። ሁለተኛ ዙር ላይ፣ «ይመጣ ነበር» ከተባለ በኋላ፣ ያው «አባዬ መጣ» ሲደገም ልጁ የሚጮኸው መሆኑ ይቀርና ሰውየው ለራሱ የሚያንሾካሹከው ይሆናል። ቃሉ አይነካም፣ ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው ያለበት።